በልጆች የሳይንስ መጽሐፍ ሽፋን ላይ “ስለ ደራሲዋ” እንዴት ጻፍኩ?

ድልድይ ለምን እንደማይወድቅ ለልጆች የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፌ ጨረስኩ። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች ነው። ጽሑፉ ታርሟል፣ ሥዕሎቹም አልቀዋል። ከዚያ ከአሳታሚው አጭር መልእክት መጣ። “ለሽፋኑ የሚሆን ስለ ራስሽ 60 ቃል ላኪልን።” በቃ፣ ይኸው ነው። ከመጽሐፉ ውስጥ የትኛውም ምዕራፍ እንደዚህ አላስጨነቀኝም።

ሙያዬ ምህንድስና ነው። ስለ ራሴ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ሲቪ ብቻ ነበር። ሲቪ ደግሞ ለቀጣሪ ነው የሚጻፈው። የልጆች መጽሐፍ ሽፋን የሚያነቡት ሰዎች ሌሎች ናቸው። እንደ እኔ ከቴክኒክ ሙያ መጥታችሁ የመጀመሪያ የልጆች መጽሐፋችሁን የምታሳትሙ ካላችሁ፣ እኔ የዞርኩበትን መንገድ ሁሉ እንዳትዞሩ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ጽሑፉ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ከላዩ የወረቀት ልባስ ካለው፣ የልባሱ ሁለት ጫፎች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። የፊተኛው እጥፋት ስለ መጽሐፉ ይናገራል። የኋለኛው እጥፋት ስለ ደራሲው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከነፎቶው። ሽፋኑ ስስ ከሆነ ግን እጥፋት ላይኖር ይችላል። ያኔ ስለ እናንተ የሚጻፈው የኋላ ሽፋን ላይ ይወርዳል። እዚያ ደግሞ የመጽሐፉ ማስተዋወቂያና ባርኮዱ ቦታውን ይሻሙታል። ለእናንተ የሚተርፈው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ሳያውቁ መጻፍ መሬቱን ሳያዩ መሠረት እንደ መንደፍ ነው።

የእኔ መጽሐፍ እጥፋት ነበረው። ስፋቱን ጠየቅኩና ለካሁት። መሐንዲስ አይደለሁ? 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ግራና ቀኙ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲተው 7 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። በ10 ነጥብ ፊደል ሲጻፍ በአንድ መስመር አምስት ቃል ያህል ይገባል። ስለዚህ 60 ቃል ማለት ወደ 12 መስመር ነው። ከላዩ ፎቶ አለ። ከሥሩ የሠዓሊው ታሪክ ይመጣል፤ እሱም የራሱ ፎቶ አለው። ያን ጊዜ ነው 60 ቃል የተባለው ለምን እንደሆነ የገባኝ። አሳታሚው እየቆጠበ አይደለም፤ ቦታው ያው ነው። “ትንሽ ቢያልፍስ?” ብላችሁ 90 ቃል ብትልኩ፣ ወይ ፊደሉ ያንሳል ወይ ሌላ ሰው ይቆርጥላችኋል። የሚቆርጠው ሰው ደግሞ ከእናንተ ታሪክ የቱ እንደሚበልጥ አያውቅም።

አሁን የመጀመሪያውን ረቂቅ ላሳያችሁ። ስሜ ባለበት ቦታ “እከሊት” ብዬዋለሁ።

“ኢንጂነር እከሊት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በሲቪል ምህንድስና፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በስትራክቸራል ምህንድስና በከፍተኛ ማዕረግ አግኝተዋል። በተለያዩ የመንግሥትና የግል ድርጅቶች ከጀማሪ መሐንዲስነት እስከ ከፍተኛ የድልድይ መሐንዲስነት በተለያዩ የኃላፊነት ደረጃዎች አገልግለዋል። በአሁኑ ወቅት የድልድዮችን የመሸከም አቅም በመገምገም ሥራ ላይ ይገኛሉ። በሙያቸው ዙሪያ የተለያዩ ጥናቶችን ለንባብ አብቅተዋል። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ናቸው። ማንበብና መጓዝ ይወዳሉ።”

ሁሉም እውነት ነው። አንድም የተጋነነ ነገር የለበትም። ግን እስኪ መጽሐፍ ቤት ቆማችሁ ለልጃችሁ መጽሐፍ እየመረጣችሁ እንደሆነ አስቡትና አንብቡት። ይህቺ ሴትዮ ማን ናት? ምን ትሠራለች? “የተለያዩ” የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ገብቷል፤ ሦስቱም ቦታ ላይ አንድ የሚታይ ነገር ሸፍኗል። “በሥራ ላይ ይገኛሉ” የሚለውም እንዲሁ ነው። ማንበብና መጓዝ የማይወድ ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም።

አርታኢዬ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ረቂቁን ልኬላቸው ስልክ ደወሉልኝ። ስለ ጽሑፉ ምንም አላሉም።

“ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ እጅሽ ላይ ምን ይዘሽ ነበር?” አሉኝ።

“መዶሻ ነዋ፣ ጋሼ።”

“መዶሻ? ለምን?”

ነገርኳቸው። ያረጀ ድልድይ ስንመረምር ኮንክሪቱን በትንሽ መዶሻ እንመታዋለን። ለማፍረስ አይደለም፤ ለማዳመጥ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ብረት አለ። ውኃ ዘልቆ ብረቱን ሲያገኘው ይዝጋል። ዝገቱ ከራሱ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ የላይኛው ንጣፍ ከሥረኛው ይላቀቃል። ከውጭ ስታዩት ምንም ላይመስል ይችላል። ስትመቱት ግን ድምፁ ይናገራል። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የተላቀቀው ቦታ ባዶ ባዶ ይላል። እኛ ያንን ቦታ በጠመኔ እንከብበዋለን።

ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ “ታዲያ ይኼ ሁሉ የት ሄዶ ነው ‘በመገምገም ሥራ ላይ ይገኛሉ’ የምትይኝ?” አሉ። ሳቅኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩ።

እጃችሁ ላይ ምን ነበር? ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ። የሽፋን ታሪክ ለሚጽፍ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም። የውኃ መስመር መሐንዲስ ከሆናችሁ የተደበቀ ፍሳሽ ለማግኘት ዘንግ ቧንቧው ላይ አስደግፋችሁ፣ ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ታዳምጡ ይሆናል። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ከሆናችሁ ሙቀት በሚያሳይ ካሜራ የላላ የሽቦ መጋጠሚያ ትፈልጉ ይሆናል። አንድ ልጅ ይህን ሲሰማ ወዲያው በዓይነ ሕሊናው ያየዋል፤ “እኔም ልሞክር” ይላል። ወላጁም “እሺ፣ ይህች ሴት ነገሩን ከቅርብ ታውቀዋለች” ይላል። ሁለቱን አንባቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ።

ስለ አንባቢ ካነሳን አይቀር፣ ይህን እጥፋት በብዛት የሚያነበው ልጁ አይደለም። መጽሐፉን የሚገዛው ወላጅ ነው። ለክፍሉ የሚመርጠው መምህር ነው። ለመደርደሪያው የሚያዝዘው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። እነሱ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ይህን ጉዳይ ለልጅ ለማስረዳት ምን አቅም አለው? ዲግሪ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚመልሰው አጻጻፋችሁ ራሱ ነው። ስለ ራሱ 60 ቃል በግልጽ መጻፍ ያቃተው ሰው ስለ ስበት ኃይል 32 ገጽ በግልጽ ይጽፋል ብሎ የሚያምን የለም። ልጁ ግን መጽሐፉን ወዶ ሲጨርስ ወደ እጥፋቱ ሊመለስ ይችላል። ያኔ ሰው እንዲያገኝ ነው የምንፈልገው።

መዶሻውን ከመምረጤ በፊት ሌላ ነገርም አስቤ ነበር። ድልድይ በሙቀት እንደሚረዝም ልጽፍ ነበር። የ100 ሜትር የብረት ድልድይ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ወደ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለዚህ ነው ድልድይ ላይ ክፍተት የሚተወው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ልጆች ይገረሙበታል። ግን ይህ ስለ ድልድይ ነው፣ ስለ እኔ አይደለም። ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ በሚገባ ተብራርቷል። ከእጥፋቱ ላይ ትምህርቱን እንደገና ማስተማር አያስፈልግም። እዚያ የሚታየው ትምህርቱን የምትሰጠው ሰው ናት።

ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር። “እከሊት ድልድዮችን በመዶሻ እየመታች በድምፃቸው ብቻ መታመማቸውን የምታውቅ መሐንዲስ ናት።” ጋሼ ወደዱት። እኔም ወደድኩት። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ግን አንብባው ዓይኗን አፈጠጠች።

“በድምፅ ብቻ?” አለችኝ። “አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ ልታደርጊን ነው እንዴ?”

እውነቷን ነው። መዶሻ የሚነግረን ከላይ አካባቢ ያለውን መላቀቅ ነው። ጥልቀት ላይ ያለውን ጉዳት አይነግርም። ብረቱ ምን ያህል እንደተበላም አይናገርም። ለዚያ ሌላ ምርመራ አለ። ደግሞ አብዛኛውን ሰዓቴን የማሳልፈው ድልድይ ሥር ሆኜ አይደለም፤ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው። የሳይንስ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ሳይንሱ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ከወጣ፣ የሙያ ባልደረባ አንብቦ ውስጡንም ይጠራጠራል።

እዚህ ላይ ብዙ መሐንዲስ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። “ከሚሠሯቸው በርካታ የመስክ ምርመራ ሥራዎች መካከል አንዱ የሆነውን…” እያለ ማሰሪያ ያበዛል። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ይሆናል፤ ግን ይሞታል። እኔን የገላገለኝ “አንዳንድ ቀን” የሚል አነጋገር ነው። “አንዳንድ ቀን ሥራዋ ይህ ነው” ስትሉ ሌላ ቀን ሌላ ሥራ እንዳለ ልጁም ይገባዋል። “ብቻ” የሚለውን ቃል አውጥታችሁ “አንዳንድ ቀን”ን ማስገባት ነው። እውነቱም አይጎድል፣ ሥዕሉም አይጠፋ።

የታተመው ይኸው፦

“እከሊት የድልድይ መሐንዲስ ናት። አንዳንድ ቀን ሥራዋ ድልድይ ሥር ገብታ ኮንክሪቱን በመዶሻ ቀስ እያደረገች መምታት ነው። ደህናው ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ የተላቀቀው ግን እንደ ባዶ ሣጥን ያስተጋባል። ሌላውን ቀን ድልድዩ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል በኮምፒውተር ታሰላለች። ይህን ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርታለች። ለልጆች የጻፈችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ይህ ነው።”

50 ቃል ነው። ከተፈቀደልኝ አሥር ቃል ተርፎኛል፤ አልሞላሁትም። ዲግሪዎቹ የት ሄዱ? ወጡ። “የድልድይ መሐንዲስ ናት” የሚለው ውስጥ አሉ። ያለ ዲግሪ ድልድይ መርምሪ ብሎ የሚልከኝ የለም፤ አንባቢም ይህን ያውቃል። የሥራ ዘመኑ ብቻ ቀረ፤ እሱም በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በብዙ አገር “መሐንዲስ” ወይም “የተመዘገበ ባለሙያ” ብሎ ራስን መጥራት ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። የሙያ ምዝገባችሁ ምን እንደሚል አይታችሁ ከዚያ ያልበለጠ ጻፉ። “ተሸላሚ” የሚለውንም ሽልማቱን በስሙ መጥራት ካልቻላችሁ ተዉት።

ሌላው ያከራከረን “አንቱ” ወይስ “አንቺ” የሚለው ነው። ጋሼ መጀመሪያ “ናቸው” ነበር የመረጡት። የተማረ ሰው ነው፣ መጽሐፍ ነው፣ ክብር ይገባዋል ባይ ናቸው። በትልልቅ ሰዎች መጽሐፍ ላይ ቢሆን አልከራከርም ነበር። በልጆች መጽሐፍ ላይ ግን “አገልግለዋል፣ ይገኛሉ” የሚለው ልጁን ከፊቴ ያቆመዋል፤ እኔ የፈለግኩት ከጎኔ እንዲቀመጥ ነው። በመጽሐፉ ውስጥም ልጁን “አንተ፣ አንቺ” እያልኩ ነው የማወራው። ሽፋኑ ላይ ስንደርስ ድንገት አንቱ ብሆን ሁለት ሰው የጻፈው ይመስላል። በመጨረሻ “ናት” ሆነ። ይህ ሕግ አይደለም። ደራሲው በዕድሜ የገፉ ከሆኑና “ነው” ሲባሉ አንባቢው የሚቀፈው ከሆነ አንቱታው መቅረት የለበትም። ዋናው ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። “ናት” ብሎ ጀምሮ “ይኖራሉ” ብሎ የሚጨርስ ታሪክ በታተመ መጽሐፍ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ከስሙ ፊት “ኢንጂነር” የሚለውንም አወጣሁት። ቀጥሎ ያለው ቃል “የድልድይ መሐንዲስ ናት” እያለ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ማለት ነው።

መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት ይቆያል። ዕድል ከቀናው በድጋሚ ይታተማል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከአምስት ዓመት በኋላ እውነት ይሆናል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። “በአሁኑ ወቅት የዶክትሬት ትምህርቷን በመከታተል ላይ ትገኛለች” የሚለው አያልፍም። ወይ ትጨርሳላችሁ ወይ ትተዋላችሁ። “የሦስት ዓመት ልጅ አላት” የሚለውም አያልፍም፤ ልጅቷ ታድጋለች። “ለ12 ዓመት ሠርታለች” የሚለው በዓመቱ ያረጃል። “ከአሥር ዓመት በላይ” ግን ምንጊዜም እውነት ነው። “የመጀመሪያ መጽሐፏ” የሚለውም እንዲሁ፤ አሥር መጽሐፍ ብትጽፉም ያኛው የመጀመሪያው መሆኑ አይለወጥም። አንዳንዶች ይህን መግለጽ ያሳፍራቸዋል፤ ልምድ የለኝም ማለት ይመስላቸዋል። እኔ አይመስለኝም። ግን አንዴ ብቻ፣ ያለ ይቅርታ፣ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ተናግሮ ማለፍ ነው። “ምንም እንኳ ጀማሪ ብትሆንም” የምትል ነገር አትጨምሩ።

የልጄንም ነገር አወጣሁት። ስሟን መጻፍ ቀርቶ መኖሯንም አላነሳሁም። ብዙ የልጆች ደራሲዎች “ከልጆቿ ከእገሌና ከእገሊት ጋር በዚህ ሰፈር ትኖራለች” ብለው ይጽፋሉ። ያምራል፤ ሞቅ ያለም ነው። ነገር ግን የልጅ ስም፣ ዕድሜና የመኖሪያ አካባቢ አንድ ላይ ታትሞ ማንም በማያውቀው ቦታ ሁሉ እንዲዞር አልፈለግኩም። የልጃችሁን ነገር ማንሳት ካለባችሁ ከመጽሐፉ ጋር ይገናኝ። ለምሳሌ መጽሐፉ የተጀመረው በልጃችሁ ጥያቄ ከሆነ “አንድ ልጅ ጠይቃት ነው የጀመረችው” ማለት ይበቃል።

የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ስለማስገባት ደግሞ ቶሎ ወስኑ። እኔ መጀመሪያ ማስገባት ፈልጌ ነበር። ስም ያለው ድርጅት ሲታይ ወላጅ ያምናል ብዬ ነው። ግን የድርጅት ስም ሽፋን ላይ ሲወጣ ድርጅቱ መጽሐፉን የደገፈው ይመስላል። ስለዚህ በጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጠየቅኩ። ደብዳቤዬ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሽፋኑ ጊዜ ደረሰ። ሽፋን ደግሞ ከውስጡ ገጽ ቀድሞ ነው የሚፈለገው፤ መጽሐፉ ሳይታተም ለሻጮች የሚያስተዋውቁት በእሱ ስለሆነ። እኔም ስሙን ተውኩት። አሁን ሳየው ምንም አልጎደለበትም። ሥራ ብቀይርም ታሪኩ አይበላሽም።

ፎቶው። መጀመሪያ የላክሁት ለመታወቂያ የተነሣሁትን ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁር ኮት፣ የደነገጠ ፊት። ጋሼ “ብድር ልትጠይቂ ነው?” አሉኝ። ሁለተኛው በመስክ ላይ የተነሣሁት ነው፤ ያምር ነበር፣ ግን ሁለት ችግር ነበረበት። የራስ ቁሬ ላይ የድርጅቱ አርማ አለ። ሌላው ደግሞ የድልድዩ ጠርዝ ላይ የደኅንነት ቀበቶ ሳላስር ነው የምታየው። በእርግጥ ቦታው አጥር ነበረው፤ ፎቶው ላይ ግን አጥሩ አይታይም። ልጆች የሚያዩት ፎቶ ነውና በሌላ ተተካ። የመጨረሻው ድልድይ ሥር ቆሜ፣ አርማ የሌለው ቁር አድርጌ፣ መዶሻውን እንደያዝኩ ነው። ጽሑፉና ፎቶው አንድ ነገር ሲናገሩ ቃል ይቆጥባል። የፎቶ አንሺውን ስም ጠይቃችሁ መላክ እንዳትረሱ፤ ጎኑ ላይ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ፋይሉንም በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩት። ይጨመቅና ሲታተም ይደበዝዛል። በኢሜይል ወይም እንደ ፋይል አድርጋችሁ ዋናውን ላኩ።

ጽሑፉን ከመላካችሁ በፊት ለሚመለከተው ዕድሜ ልጅ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጡና “ይህቺ ሴትዮ ምንድን ነው የምትሠራው?” ብላችሁ ጠይቁት። “ወደድከው?” ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ ልጆች ትልቅ ሰው ላለማስቀየም “አዎ” ይላሉ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ለእህቴ ልጅ ባነብላት “ኢንጂነር ናት” አለች፣ አለቀ። የመጨረሻውን ስሰጣት “ድልድይ ትመታለች፣ ከዚያ ታዳምጣለች” አለችና “ስትመቺው አይወድቅም?” ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ የራሱን ጥያቄ ካመጣ ጽሑፉ ሠርቷል ማለት ነው። ያልገባው ቃል ካለም ያኔ ይወጣል። እኔ ጋ “ተላቀቀ” የሚለው ቃል ቦታ ላይ መጀመሪያ “የንጣፍ መለያየት” ነበር የሚለው። ፊቷን ሳይ ቀየርኩት።

የ50 ቃሉ ጽሑፍ ሲያልቅ ሥራው አለቀ ብላችሁ ፋይሉን እንዳትዘጉት። ያው ታሪክ በሌላ ርዝመትም ይፈለጋል። አሳታሚው ለመጽሐፍ ዝርዝሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠይቃችኋል። መጽሐፉ በኢንተርኔት የሚሸጥ ከሆነ እዚያም ይለጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማየት መንካት ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻቸውን ቢቆሙም ማን እንደሆናችሁ መናገር አለባቸው። የእኔ “የድልድይ መሐንዲስ ናት” እና የመዶሻው ዓረፍተ ነገር ከፊት የተቀመጡት ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ለልጆች የምታነቡ ከሆነ ደግሞ 120 ቃል ያህል የሆነ ረዘም ያለ ጽሑፍ አዘጋጁ። ዲግሪውን፣ የጥናት ሥራውን፣ ያስተማራችሁበትን ማስገባት የምትችሉት እዚያ ነው። ርእሰ መምህሩ ይህን ማየት ይፈልጋል፤ አይፈረድበትም።

ከማተሚያ ቤት የሽፋኑ ማረሚያ ሲመጣ በስልክ ስክሪን ላይ አትዩት። በትክክለኛ መጠኑ አሳትማችሁ እዩት። አማርኛ በጠባብ ዓምድ ሲገባ የራሱ ጣጣ አለው። ቃላቱ ረጃጅም ስለሆኑ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሰለፍ ከተደረገ በቃላት መካከል ትልልቅ ቀዳዳ ይፈጠራል። የእኔ አንደኛው መስመር ሦስት ቃል ብቻ ይዞ ተወጥሮ ነበር። በግራ ብቻ እንዲሰለፍ ጠየቅኩ፤ ወዲያው አማረ። አራት ነጥብም አንዳንዴ ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥሎ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ይወርዳል። ይህን የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም አይነግራችሁም፤ በዓይን ነው የሚያዝ።

ከሁሉ በላይ የስም አጻጻፍ። የፊት ሽፋኑ ላይ በ“ሠ” የተጻፈ ስም እጥፋቱ ላይ በ“ሰ” ቢመጣ ለዓይን ምንም አይመስልም። ኮምፒውተር ላይ ግን ሁለት የተለያየ ሰው ነው። ስማችሁን የሚፈልግ ሰው አንደኛውን አግኝቶ ሌላውን ያጣዋል። “ሀ፣ ሐ፣ ኀ”፣ “አ፣ ዐ”፣ “ጸ፣ ፀ” ያለበት ስም ካላችሁ አንዱን መርጣችሁ ለአሳታሚው በጽሑፍ አሳውቁ። ከዚያ የፊት ሽፋኑን፣ የመጽሐፉን ጀርባ፣ እጥፋቱን፣ የውስጡን የርእስ ገጽና የመብት ገጹን አንድ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የእኔ ስም ልክ ነበር። የሠዓሊው ግን እጥፋቱ ላይ በአንድ ፊደል ተለይቶ ነበር። ማረሚያው ለእኔ እንጂ ለእሱ አልተላከም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ገጹን ለሠዓሊውም ላኩለት፤ የራሱን ታሪክ በራሱ ዓይን ይየው።